ምላስ የሚፈታው ሣጥን

ያን ቀን የሠራሁት ጅልነት ይኸ ነው፦ ለትንንሽ ልጆች ተብሎ በተሠራ የእንጨት ገበታ ቀዳዳ ውስጥ ሌባ ጣቴን ከትቼ ማውጣት አቃተኝ። ክራቫት ያሰርኩ፣ ኮፍያ የደፋሁ የመንግሥት ጸሐፊ ነኝ። ፒያሳ፣ ሰው በሞላበት ሱቅ መካከል፣ ገበታውን እንደ ቀለበት በጣቴ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ።

ቀዳዳው እስከ ታች ይደርስ እንደሆነ ለማየት ነበር። ዕቃ ሳልመረምር አልገዛም ባይ ነበርኩ።

«ጌታዬ፣ አይጎትቱት፤ ያብጣል» አለኝ ባለሱቁ በእርጋታ። ከእኔ በፊት ሌላም ሰው ተቀርቅሮበት ያውቃል መሰለኝ። ከጎን ካለው ፀጉር አስተካካይ የሳሙና አረፋ አስመጣና ጣቴን እንደ ጢም ቀባባው። ሴት ልጁ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ትስቅብኛለች። ጣቴ ሲወጣ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ።

«አዩ፣ ሣጥኑ ወዶዎታል» አለ ባለሱቁ።

ጣቱን ያስያዘ ሰው ከዚያ በኋላ ኪሱን ለማዳን አቅም የለውም። ከሣጥኑ ጋር ተፋጠጥን። በውስጡ ከቀጭን እስከ ወፍራም የተደረደሩ ባለቀለም ድብልብል እንጨቶች፣ ለእያንዳንዱ በልኩ የተቦረቦረ ገበታ፣ ከዚያም የመዳብ እጀታ ያላት ትንሽ ደወል ነበሩ። ክዳኑ ላይ ፀጉሩ ወርቅ የመሰለ ልጅ መነጽር አድርጎ፣ ጣቱን ግንባሩ ላይ ተክሎ ያስባል። ከባዕድ አገሩ ጽሕፈት ሥር ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የአእምሮ ማጎልመሻ ሣጥን። የፈዘዘውን ያነቃል፤ ምላስ ይፈታል፤ ለትምህርት ያበቃል። በውጭ አገር ሊቃውንት የተመሰከረለት።»

ሌላውን እንደ ማንኛውም ማስታወቂያ አለፍኩት። «ምላስ ይፈታል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ተተክሎ ቀረ።

ልጄ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ያላት ቃል «እማ» እና «ውኃ» ነው፤ እሱም በግማሽ። ከሳምንት በፊት ሰፈራችን የካ ወዳለው ትምህርት ቤት ወስደናት ነበር። ዳይሬክተሩ የሚፈትንበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ልጁን ግቢው ውስጥ ይለቅና ከኋላው ሆኖ በስሙ ይጠራዋል። «አቤት» ብሎ የዞረ አለፈ። ሲጠሩት አቤት የማይል ልጅ በእኛ ዘንድ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው፦ ወይ ባለጌ ወይ ፈዛዛ። ልጄ ሦስት ጊዜ ተጠራች፤ እሷ ግን የባሕር ዛፉን ጫፍ እያየች ቆመች።

«ገና ናት» አለ ዳይሬክተሩ። «ከክረምቱ በኋላ አምጧት። ስትጠራ አቤት ካለች እንቀበላታለን። አለዚያ ቤት ትቆይ።»

ቤት ትቆይ የተባለች ሴት ልጅ ምን እንደምትሆን አውቅ ነበር። ማንም ተመልሶ መጥቶ አይጠይቃትም። ቤት እንደቆየች ትቀራለች። ከዚያ የባሰው ለሚስቴም ያልነገርኳት ሥጋት ነበር፤ ፍዘቷን ከእኔ የወረሰች መሰለኝ። እኔም በልጅነቴ ስጠራ ቶሎ አልሰማም ነበር ይሉኛል። የእኔ ግን ሥራ ሲያዙኝ ብቻ ነው።

«እስቲ ታሳይዎት» አለና ባለሱቁ የሴት ልጁን ዓይን በመሐረብ አሠረ። ልጅቱ ድብልብሎቹን እየዳሰሰች አንዱንም ሳትስት በየቀዳዳው ከተተቻቸው። «በዚህ ሣጥን ከመጫወቷ በፊት ስሟን እንኳ አታውቅም ነበር» አለኝ። አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነበርና ብዙ አላደከመኝም።

ለልጄ ዩኒፎርምና ደብተር ያስቀመጥናት ገንዘብ ነበረች፤ ሣጥኑ እሷን ልክክ አድርጎ ይበላታል። ለሳምንት ልሞክረው ብዬ ዣንጥላዬን መያዣ አስቀምጬ ተሸክሜው ወጣሁ። አውቶቡስ ስጠብቅ ሰማዩ ብሩህ ነበር። ቀበና ድልድይ ስንደርስ አውቶቡሱ ተበላሸ፤ ዝናቡም ያን ጊዜ ወረደ። ኮቴን አውልቄ ሣጥኑን አለበስኩትና በሸሚዝ እስከ የካ በእግሬ ሄድኩ።

ሚስቴ በር ላይ ሆና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ዣንጥላህስ?»

«መያዣ ነው።»

«የምን መያዣ? ምንድን ነው ያቀፍከው?»

«አእምሮ ነው» አልኩ።

«ለራስህ ገዝተህ እንዳይሆን?»

«ገና አልገዛሁትም። ለሙከራ ነው።»

«ለአንተ ከሆነማ አንድ ሣጥን አይበቃም» አለችና ፎጣ ወረወረችልኝ።

ወረቀቱን ግን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። እሷም «ምላስ ይፈታል» ላይ ቆመች። ተስፋዋን ሳይ ለክርክር ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ የማያስፈልግ መሰለኝ። ከዚያ ተቀመጠችና እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ሊቃውንት ይላል። የትኞቹ? ስም የለውም።»

«የውጭ አገር ሰው ነው፤ ስሙ አስቸግሯቸው ይሆናል።»

«የፈዘዘውን ያነቃል ይላል። የነቁትን እንኳ ነገሩን እንበል። ተጫውተውበት ያልነቁትስ? እነሱን የሚጽፍላቸው የለም?»

«ሴትዮ፣ የነጋዴውን ልጅ ብታያት! ዓይኗን ታስራ ሁሉንም በየቦታው ነው ያገባችው።»

«የት ነው ያደገችው?»

«ሱቁ ውስጥ።»

«እኔንም ዓይኔን አሥረህ ማዕድ ቤቴ ብትለቀኝ የጨዉን ዕቃ አላጣውም። ጎረቤት ማዕድ ቤት ብትወስደኝ ግን ግድግዳ ነው የምመታው። ልጅቱ ያወቀችው ያንን ገበታ ነው።»

ልብስ ልቀይር ገባሁ።

ስመለስ ልጄ ሣጥኑን ራሷ ከፍታዋለች። ማንም ሳያሳያት እንጨቶቹን አንድ በአንድ በዓይኗ እየለካች ትከታለች። አንዱን ወፍራም በጠባብ ቀዳዳ ሞከረች፤ አልገባ ሲላት እንደ አባቷ አልታገለችም፤ ሌላ ቀዳዳ ፈለገችለት። ገበታው ሞላ። እኔ በደስታ ዘልዬ «ያውልሽ! ሠራ! ገና ከመግባቱ!» አልኩ።

«ገና ከመግባቱ ነቅታ ከተገኘች እኮ» አለች ሚስቴ ቀስ ብላ፣ «ሳይመጣም ነቅታ ነበር።»

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ሁሉ እዚያች ላይ አልቆ ነበር። ግን እኔ የዋዛ ሰው አይደለሁም፤ ሞኝነቴን እስከ መጨረሻው ሳልሄድበት አልለቅም። ከሥራ ስመለስ በየቀኑ ልጄን ከሣጥኑ ፊት አስቀምጣታለሁ። በየቀኑም ትፈጥናለች። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሳይቀር አወራሁ። ሚስቴ ስታይ ሰነበተችና አንድ ቀን ያላትን ጣሳ፣ ብልቃጥና ቆርቆሮ ሁሉ አውጥታ ክዳኖቻቸውን ቀላቅላ መሬት ላይ ዘረገፈቻቸው። የጎረቤታችንንም ልጅ ጠራቻት። ከልጄ ጋር እኩያ ናት፤ ሣጥኑን አይታው አታውቅም። እናቷ ከላምበረት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከልጇ ጋር በኦሮምኛ ከእኛ ጋር በአማርኛ የምታወራ፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ነች።

ሁለቱ ልጆች ክዳን ይገጥሙ ጀመር። መጀመሪያ ሁለቱም ተሳሳቱ፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ሁለቱም ለመዱት። ልጄ ቀድማ ጨረሰች እንዳልል የጎረቤቴም ልጅ እኩል ጨረሰች።

«የኔዋም ሣጥን በላች እንዴ ጋሼ?» ብላ ሳቀች ጎረቤቴ።

ሚስቴ አልሳቀችም። «ልጄ የእጅም የዓይንም ችግር የለባትም። ሣጥኑ የሚያስተምረውን ጣሳዬም ያስተምራል። ታዲያ ምላሷን ምን ያዘው?»

«ደወሉ ገና ነው» አልኩ። ተስፋዬን ደወሉ ላይ ጥዬ ነበር። ከክዳኑ ውስጥ በኩል የተለጠፈው ወረቀት «ልጁ አንድ እንጨት በትክክል ሲከት ደወሉን አቃጭሉ፤ ድምፁ አንደበትን ይስባል» ይላል። ስለዚህ አቃጨልኩ። ልጄ በከተተች ቁጥር ከኋላዋ ቆሜ እንደ ቅዳሴ ዲያቆን አቃጨልኩ። የጎረቤቴ ልጅ ደጅ አፈር ስትጭር ነበር፤ አንድ ጊዜ ባቃጭል፣ እንደገና ባቃጭል፣ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። የእኔዋ ራሷን ቀና አላደረገችም።

«ጋሼ» አለች ጎረቤቴ፣ ሳቋ ጠፍቶ፣ «የጠሩት የኔን ልጅ ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ልጄ ዞር ስትል ደወሉን እጄ ላይ አየችው። ስላብለጨለጨ ይሁን አላውቅም፣ ነጠቀችኝ። ወዘወዘችው። ምንም አላላትም። ከዚያ መንጋጋዋ ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር ካለው አጥንት አስጠግታ ስትወዘውዘው ፊቷ ፈካ። ደነገጠች፣ ሳቀች፣ አነሳችው፣ መልሳ አስጠጋችው። አየር ላይ ያለውን ደወል አታውቀውም፤ አጥንቷን የነካውን ግን ታውቀዋለች።

ሚስቴ ተነሣች። ከልጄ ኋላ ሄዳ ሁለት ክዳን አጋጨች። ልጄ በደወሏ እየሳቀች ነው። ሚስቴ በስሟ ጠራቻት፤ ጮኻም ጠራቻት። ምንም የለም። በመጨረሻ የሳንቃውን ወለል በእግሯ መታችው። ልጄ ወዲያው ዞረች።

ስንት ዓመት ትሰማለች ብለን ያመንነው በዚህ ነው። ስንራመድ ትዞራለች፤ በር ሲላተም ትዞራለች። ቤታችን ሳንቃ ባይሆን ኖሮ ቀድመን እናውቅ ነበር። በየክረምቱ ጆሮዋ መግል ያወጣል፤ ጥርስ ልታበቅል ነው፣ ብርድ ነው፣ ስታድግ ይተዋታል እያልን ጥጥ እንወትፍላት ነበር። በፀደዩም ሚስቴ አዝላት እስከ እንጦጦ ራጉኤል ወጥታ ለምላሷ ተስላላት ነበር። የተሳልነው ለምላስ፣ የፈተኑን በአቤት፣ እኔ የተሸከምኩት የአእምሮ ሣጥን።

«አቤት አትልም ይሉኛል» አለች ሚስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ። «ልጄ መች ተጠራችና ነው?»

እንባዋን ላብስ ስጠጋ ገበታው ላይ ረገጥኩ፣ ድብልብሎቹ ከእግሬ ሥር ተንከባለሉ፣ ወደቅሁ። እሷም አልሳቀችም፣ እኔም ቶሎ አልተነሳሁም።

ሣጥኑን ለማስቀረት ምኞቱ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። ጥሩ እንጨት ነበር፤ ልጄም ወዳዋለች። ግን ያችው አንዲት ገንዘብ ወይ ሣጥን ወይ ሐኪም ናት። ቅዳሜ ማለዳ ልመልሰው ስነሳ ልጄ ደወሉን ጨብጣ አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረብኝ። የኔ ጣት በሳሙና ወጥቷል፤ የእሷ ግን በለቅሶ ነው የወጣው። ፊቷ ተንበርክኬ በእጄ አሳየኋት፦ ይኼን ልውሰድ፣ ሌላ አመጣልሻለሁ፣ የአንቺ የሆነ። ገብቷት ይሁን ደክሟት እንጃ፣ ለቀቀችው።

ባለሱቁ ሣጥኑን ሲያይ «በሳምንት የትኛው ልጅ ይነቃል ጌታዬ? ሁለት ወር ይያዙት» አለ።

«በሁለት ወር እኮ ዝም ብለን ብንተዋትም ታድጋለች» አልኩት። «ያን ጊዜ ላደገችው ምስጋናውን ለማን እሰጣለሁ? ለእርስዎ ሣጥን ነው ወይስ ለክረምቱ?» የሚስቴን ነገር የራሴ አስመስዬ ነበር የተናገርኩት። ከዚያ ግን ስለ ደወሉ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ አዘነ። ካዘነም በኋላ ነጋዴ ነውና ዓይኑ በራ።

«ታዲያ የጆሮዋን ሕመም ያገኘው ሣጥኑ አይደል? ይህንንም ወረቀቱ ላይ እጨምረዋለሁ።»

«ጣት ይይዛልም ብለው ይጨምሩበት።»

ሳቀ። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ጌታዬ፣ ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሳልለጥፍ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰው አልጠየቀውም። መጫወቻ ነው ስል ማን ይገዛል? አእምሮ ስል ግን አባት ሁሉ ይቆማል። ሊቃውንቱ በባዕዱ ጽሕፈት ይኖሩ አይኖሩ እኔም አላነበብኩትም።»

«ልጅ ይወደዋል ብለው ቢጽፉበት እኔ እገዛው ነበር» አልኩ። እውነቴን ነበር። ዣንጥላዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ደግሞ ጠብታ አልዘነበም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አንድ ረዳቱ ድሬሰር ያስተረጉምለታል። ሁለት ጣት ያለው ሹካ የመሰለ ብረት ጉልበቱ ላይ መትቶ ከልጄ ጆሮ አጠገብ ያዘው። ምንም። እንደገና መትቶ የብረቱን እግር ከጆሮዋ ኋላ ካለው አጥንት ላይ አሳረፈው። ልጄ ዓይኗ ፈጥጦ ወደ እኔ ዞረች፦ ደወሌ! ማለቷ ነበር፣ በፊቷ።

«በአጥንቷ ትሰማለች» አለ ድሬሰሩ። «የጆሮዋ ታምቡር ተበስቷል፤ ውስጡም መግል ይዟል። ድምፁ እዚያ ይቀራል። ይታጠባል፣ መድኃኒት ይገባበታል፣ ውኃ እንዳይነካው። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ቀርባችሁ አናግሯት፤ ከንፈራችሁን ትይ።»

«ሙሉ በሙሉ ትሰማለች?» አለች ሚስቴ።

ድሬሰሩ ጠየቀው። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «አላውቅም ነው የሚለው። አንደኛው ጆሮ ሳይሻል አይቀርም። ሁለተኛውን እንጃ።»

በዚያ ሰሞን «አላውቅም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከክዳኑ ጽሕፈት ሁሉ ይልቅ ያ ቃል አጽናናኝ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሚስቴም ራጉኤል ወጥታ ጠበሉ የልጃችንን ጆሮ እንዳይነካ ፈርታ ለካህኑ ስትነግራቸው «ትጠጣው ልጄ፣ መጠጣቱ ይበቃታል» አሏት።

ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ ሰው ከኋላ አይናገርም። ጎረቤቴም ልጇን አስተምራት ነበር፤ ትንሿ የእኔዋን አገጭ ይዛ ወደራሷ ታዞርና በኦሮምኛም በአማርኛም ፊቷ ላይ ታወራባታለች። ስለ ክዳን፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ምንም። እኔም ከሥራ ስመጣ እንደ ሞኝ አፌን ከፍቼ እየተንበረከኩ «ጣ-ሳ» እላለሁ። መሥሪያ ቤት ሳይቀር አፌን ከፍቼ ማውራት ለመደብኝና አለቃዬ ታምመሃል ወይ አለኝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ዳይሬክተሩ እንደ ልማዱ ልጄን ግቢው ውስጥ ለቀቃትና ከኋላዋ ቆመ። የሐኪሙን ነገር ነግሬው ነበር፤ እጁን እያወዛወዘ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎኛል። ጠራት። ዝም። ደገመ። ልጄ አሁንም የባሕር ዛፉን ጫፍ ታያለች። ሊጽፍ ወደ ጠረጴዛው ሲያመራ ሚስቴ መንገዱ ላይ ቆመች። እንዲያ ስትቆም አይቻት አላውቅም።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ከፊቷ ይምጡና ይጥሯት። ከኋላዋ ሆነው የጠሯት ይመስልዎታል እንጂ አልጠሯትም።»

ሰውየው ተናደደ። ሰው ያያልና ግን ዞሮ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ በቁጣ ስሟን ጠራ። ልጄ ከንፈሩን አየች። ወደ እናቷ አየች። ከዚያ፦

«አቤ» አለች።

«ት» ቀርታለች። ሁላችንም የቀረችውን ጠበቅን፤ አልመጣችም። ዳይሬክተሩ ቀና አለ፣ ጢሙን አሻሸ፣ «ግማሹ መጥቷል» አለ። «የቀረውን እዚህ ትማረው። ፊት ወንበር ትቀመጥ።»

የቀረው ሁሉ መጣ ማለቴ አይደለም። አንደኛው ጆሮዋ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ክፍል ውስጥ ሲስቁባት ትምህርቱ ሳይገባት ሳቁን በዓይኗ ትሰማ ነበር፤ ስንት ቀን እያለቀሰች መጥታለች። ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት። ከጆሮዋ ኋላ ትንሽ መሣሪያ አንጠልጥላ፣ ከእኔ የተሻለ ትሰማለች።

አሁን የማይሰማው እኔ ነኝ። ስትመጣ ከፊቴ ትቀመጣለች፣ አገጬን ትይዝና ወደራሷ ታዞራለች፣ ከንፈሯን ከፍታ ቀስ አድርጋ «አባዬ፣ ደ-ወ-ሌ-ስ?» ትለኛለች።

እኔም እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «አቤት?» እላታለሁ፤ ያልሰማሁ መስዬ። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። ዣንጥላ ገዝቻለሁ፣ ኮፍያ ገዝቻለሁ። ያችን ደወል ግን፣ አገጬን መያዟን እንዳትተው ብዬ፣ እስካሁን አልሰጠኋትም።